ቦትህ ትዕዛዝ ከመላኩ በፊት ምን ያያል?

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ ነኝ። አውቶማቲክ ግብይት የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ለጀማሪ ፕሮግራመርነት ተወዳድሬ፣ የሠራሁትን ቦት አሳየኋቸው። ቦቱ ብዙም ገበያተኛ የሌለው ንብረት ላይ የመጨረሻውን ዋጋ አይቶ፣ በተገኘው ዋጋ ወዲያው የሚፈጸም ማርኬት ኦርደር ይልካል። «ከመላኩ በፊት ምን ያያል?» ሲሉኝ «ዋጋውን» አልኩ። መልሴ አልጣማቸውም። አስተካክለህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለስ ብለውኛል። ከየት ልጀምር? እባክዎ ይምከሩኝ።

መልስ፦ ስልቱን አትንካው። ሁለቱን ሳምንት ሙሉ ቦቱ «ልግዛ» ብሎ ከወሰነበት እስከ ትዕዛዙ መላክ ድረስ ባለችው አጭር መንገድ ላይ አውለው። የጠየቁህም እሷን ነው።

የመጨረሻ ዋጋ ያለፈ ነገር ነው። ግብይት በሚበዛበት ገበያ ከሰከንድ በፊት የሆነ ስለሆነ ብዙም አያሳስትም። ባንተው ንብረት ግን ከሁለት ሰዓት በፊት የተደረገ ሊሆን ይችላል። ያኔ በዚያ ዋጋ የሸጠው ሰው አሁን የለም። አሁን ያለው በኦርደር ቡኩ ላይ የተሰለፈው ነው፦ በአንድ ወገን ገዢዎች በየዋጋው ምን ያህል እንደሚፈልጉ፣ በሌላው ወገን ሻጮች በየዋጋው ምን ያህል እንዳቀረቡ።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሂድበት። የመጨረሻው ዋጋ 10.00 ዶላር ነው እንበል። የሻጮች ወገን ይህን ይመስላል፦ 200 በ10.10፣ 300 በ10.20፣ 400 በ10.60፣ 1,000 በ11.50። የገዢዎች ወገን ደግሞ 300 በ9.90፣ 500 በ9.85፣ 1,000 በ9.70።

መጀመሪያ ስፕሬዱን እይ። ከሁሉ ርካሹ ሻጭ 10.10፣ ከሁሉ የተሻለ የሚከፍለው ገዢ 9.90 ነው። ልዩነቱ 0.20 ነው፤ ከመካከለኛው ዋጋ 2 በመቶ ማለት ነው። አሁን ገዝተህ ወዲያው ብትሸጥ፣ ዋጋው ሳይነቃነቅ 2 በመቶ ገደማ ትከስራለህ። ያም የሚሆነው ትንሽ ከገዛህ ብቻ ነው።

ቦትህ 1,000 መግዛት ቢፈልግስ? 200ውን በ10.10 ይወስዳል፣ 300ውን በ10.20፣ 400ውን በ10.60፣ የቀረውን 100 በ11.50። ጠቅላላ ክፍያው 10,470 ዶላር፣ አማካይ ዋጋው 10.47 ይሆናል። ያንኑ 1,000 ወዲያው ቢሸጠው የሚያገኘው 9,835 ነው። 635 ዶላር፣ ማለትም ከከፈለው 6 በመቶ ገደማ፣ ቀለጠ። ስፕሬዱን ብቻ ያየ ሰው ግን 2 በመቶ ነው ብሎ ነበር የሚነግርህ።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። የሻጮቹን ብዛት ይደምሩና 1,900 ያገኛሉ። «1,000 ነው የምፈልገው፣ ይበቃኛል» ብለው ያልፋሉ። ግን ከግማሹ በላይ የተቀመጠው 11.50 ላይ ነው። ድምሩ ብቻውን አይጠቅምህም፤ ያንተን መጠን ይዘህ ደረጃ በደረጃ መውጣት አለብህ። ኮዱ አጭር ነው፦

```python
def avg_buy_price(asks, qty):
    left, cost = qty, 0
    for price, size in asks:
        take = min(size, left)
        cost += price * take
        left -= take
        if left == 0:
            return cost / qty
    return None
```

`None` ከተመለሰ የተሰለፈው ሁሉ ተደምሮም አይበቃህም ማለት ነው። ያኔ ቦቱ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ለመሸጫውም በገዢዎች ወገን ተመሳሳዩን ጻፍ፤ ስትገባ መውጫህንም ማየት አለብህና።

ታዲያ ስንት በመቶ ሲሆን ይቁም? እዚህ ላይ ከአየር ላይ ቁጥር እንዳትጠራ። ገደቡ የሚመጣው ከራስህ ስልት ነው። ስልትህ ከአንድ ግብይት 3 በመቶ ይጠብቃል እንበል። ከላይ ባለው ኦርደር ቡክ 200 ገዝቶ መሸጥ 2 በመቶ ያህል ያስወጣል፤ ትንሽ ትርፍ ይተርፍሃል። 500 ከሆነ 2.8 በመቶ ገደማ ይበላል፤ የኮሚሽን ክፍያ ሲጨመር ምንም አይቀርም። 1,000 ላይ ገና ስትገባ ከስረሃል። ስለዚህ ቦቱ «ይገዛ ወይስ አይገዛ» ብቻ ሳይሆን «ስንት ቢገዛ ያዋጣል» ብሎ መጠኑን ራሱ መቀነስ ይችላል። ይህን በቃለ መጠይቁ ላይ በቁጥር ካስረዳሃቸው፣ ስለ ስልትህ ውበት ከምታወራው ሁሉ ይበልጣል።

ቀጥሎ፣ ያየኸው ነገር እውነት አሁን ያለ ነው? ኦርደር ቡኩ መቼ እንደደረሰህ ሰዓቱን ያዝ፤ ካረጀ አትላክ። የገዢው ዋጋ ከሻጩ እኩል ወይም በላይ ሆኖ ከታየህ፣ ብዙውን ጊዜ የዳታ መስመርህ ላይ መልእክት ጠፍቷል። እንደገና ከስር አስጭነው። ዳታው ትክክል ቢሆንም እንኳ የተሰለፈ ትዕዛዝ ቃል ኪዳን አይደለም። 300ውን ያቀረበው ሰው ያንተ ትዕዛዝ ሳይደርስ ሊሰርዘው ይችላል፤ ሻጩ ጥቂት በሆነበት ገበያ ደግሞ የአንድ ሰው መውጣት ሁሉን ይለውጣል።

ለዚህ ነው ቼክ ማድረጉ ብቻውን የማይበቃው። ማርኬት ኦርደር የዋጋ ጣሪያ የለውም፣ እስኪሞላ ይወጣል። በሱ ፈንታ ሊሚት ኦርደር ላክ፤ ዋጋው ያሰላኸው ገደብ ይሁን፣ ዓይነቱ ደግሞ `IOC`፣ ማለትም የተገኘውን ወዲያው ገዝቶ ቀሪውን የሚሰርዝ። በምሳሌያችን 1,000 በ10.20 `IOC` ብትልክ 500 ይገዛና ቀሪው ይሰረዛል። እዚህ ላይ ቦትህ 1,000 እንደያዘ ካሰበ ሌላ ጉድ ይመጣል፤ ሲሸጥ የሌለውን ይሸጣል። የያዘውን ከገበያው ከሚመለስለት የግዢ ማረጋገጫ መልእክት ቆጥሮ ይመዝግብ። ቀሪውንም ወዲያው ደጋግሞ እንዳይልክ፤ ኦርደር ቡኩ እስኪሞላ ይጠብቅና ከመጀመሪያው አስልቶ ይነሣ።

ጣሪያና ወለል የሌለው ትዕዛዝ የሚያመጣውን ለማየት ሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. GDAX በሚባለው የክሪፕቶ መገበያያ የሆነውን አንብብ። አንድ ብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የኢቴሪየም መሸጫ ትዕዛዝ የገዢዎቹን መስመር ደረጃ በደረጃ ጠራርጎ ዋጋውን ከ317.81 ወደ 224.48 ዶላር አወረደው። ያ ደግሞ 800 ያህል የሌሎች ሰዎች ስቶፕ ሎስ፣ ማለትም ዋጋ ሲወርድ በራሱ የሚነቃ መሸጫ፣ እና አስገዳጅ ሽያጭ ቀሰቀሰ። ለአፍታ ዋጋው 10 ሳንቲም ደረሰ። ኢቴሪየም ያኔ ብዙ ገበያተኛ ነበረው፤ ያንተ ንብረት ላይ ለተመሳሳይ ነገር ከዚያ በጣም ያነሰ መጠን ይበቃል። ስቶፕ ሎስህም ሲነቃ ማርኬት ኦርደር የሚልክ ከሆነ ይኸው አደጋ አለበት። ሊሚት ብታደርገው ደግሞ ሳይሸጥ ሊቀር ይችላል። ሁለቱም ዋጋ አላቸው፤ የትኛውን ለምን እንደመረጥክ ተዘጋጅተህ ግባ።

ስትመለስ ትርፍ የሚያሳይ ግራፍ ይዘህ አትሂድ። ሎግ ይዘህ ሂድ። በእያንዳንዱ መስመር ሰዓቱ፣ ስፕሬዱ፣ የተሰላው አማካይ ዋጋ፣ በትክክል የተገኘው ዋጋ፣ ካልላከም ያልላከበት ምክንያት ይኑር። የተሰላውና የተገኘው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚራራቁ ከሆነ ዳታህ ዘግይቷል ወይም ከአንተ የሚቀድሙ አሉ፤ ቃለ መጠይቅ አድራጊዎቹ ሳይጠይቁህ አንተው አንሣው። ባዶ ኦርደር ቡክ፣ አንድ ወገን ብቻ ያለው ኦርደር ቡክ፣ ከደቂቃ በፊት የቆመ ዳታ፦ ለሦስቱም ቴስት ጻፍና እዚያው ፊታቸው አስኪደው።