ለአዳዲስ የፈረቃ አለቆች፦ የርክክቡ ደቂቃ ስንት ይሁን?

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንድ የጎረቤቴ ልጅ ቡና ላይ ጥያቄ ጠየቀኝ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የፈረቃ አለቃ ሆኖ ከተሾመ ገና ወሩ ነው። «ጋሼ፣ የሚወጣውና የሚገባው ፈረቃ ስንት ደቂቃ አብረው ቢቆዩ ይበቃል? ከላይ 15 ደቂቃ ብለህ ጻፍ ብለውኛል» አለኝ። «15 ከየት መጣ?» አልኩት። አላወቀም። ያዘዙትም የሚያውቁ አልመሰለኝም። እኔ በክር መፍተያ ክፍል ከሃያ ዓመት በላይ በፈረቃ ስለሠራሁ፣ ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ቀላል ሒሳብ። ሦስት ፈረቃ በስምንት ሰዓት 24 ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ቀኑ 8፣ ከ8 እስከ ምሽቱ 4፣ ከ4 እስከ ንጋት 12። ለርክክብ የተረፈ አንዲት ደቂቃ የለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ስለዚህ የምትጨምሩት ደቂቃ ሁሉ የአንድ ሰው ትርፍ ሰዓት ነው። በቀን የተሠራው በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋት 12 የተሠራው በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። «አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ፣ አምስት ደቂቃ ዘግይታችሁ ውጡ» ብሎ በነፃ ማስገደድ የሰው ጊዜ መውሰድ ነው። ደግሞም አያዋጣም። ያልተከፈለበት ደቂቃ ውስጥ ሰው ልቡ በሩ ላይ ነው።

እኔ ይህን ነገር በደንብ ማሰብ የጀመርኩት ከአንድ ጥፋት በኋላ ነው። ንጋት ላይ ተረካቢው እኔ ነበርኩ። ሌሊት 7ኛው ሪንግ ፍሬም፣ ማለትም የክር መፍተያው ማሽን፣ ከ20 ቁጥር ክር ቀጠን ወዳለው 30 ቁጥር ተቀይሯል። ጊሩና ትራቭለሩ ተለውጠዋል። ለ30 ቁጥር የምንጠቀምበት ቀለም ያለው ቦቢን ግን አልቆ ነበርና የ20ውን ቦቢን ነው የሰኩበት። መዝገቡ ላይ የተጻፈው «ማሽን 7 ተቀይሯል» ብቻ ነው። አስረካቢው በእግሩ እየወጣ «7 ተቀይሯል፣ አብሽር፣ ደህና ነው» አለኝ። ያ ማሽን በዋዜማው ቀበቶ በጥሶ ነበር። እኔም የተቀየረው ቀበቶው ነው ብዬ ያዝኩት። ውጭ ሰርቪሱ ጥሩምባ እየነፋ ነው። የተነጋገርነው ሦስት ደቂቃ ቢሞላ ነው።

በኔ ፈረቃ ከዚያ ማሽን ሁለት ጊዜ ሙሉ ቦቢን ተነስቶ ወደ መጠቅለያ ሄደ። በቀለሙ የ20 ቁጥር ስለሚመስል ከ20ው ጋር ተቀላቀለ። የታወቀው ሽመና ክፍል ነው፤ ጨርቁ ላይ ሳሳ ያለ ሰንበር በየቦታው ታየ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ልብ ያደርቃል። ከየጥቅሉ 120 ያርድ ክር እየለኩ መመዘን ነው። 20 ቁጥር ከሆነ 3.24 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ 30 ከሆነ 2.16። በዓይን ያልለየነውን ሚዛን ለየው። ግን የተሸመነው ጨርቅ ተሸምኗል።

መቼም አስረካቢውን ለመውቀስ ቀላል ነበር። እኔ ግን የመጣልኝ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያቺ ወሬ በትክክል እንድትተላለፍ ስንት ደቂቃ ያስፈልግ ነበር? አንድ ደቂቃ ተኩል። «ከ20 ወደ 30 ቁጥር ተለውጧል፣ ቦቢኑ ግን የ20 ቀለም ነው፣ ለብቻው ይነሳ» ለማለትና እኔ መልሼ እንድለው፣ ከተቻለም ማሽኑ አጠገብ ቆመን እንድናየው። ያጣነው ያቺን ነው።

ከዚያ ወዲያ ለሁለት ሳምንት በየርክክቡ ሰዓት ይዤ ቆምኩ። ሦስት ነገር ብቻ ጻፍኩ፦ ተረካቢው ማሽኖቹ አጠገብ የደረሰበትን፣ ንግግር የተጀመረበትን፣ አስረካቢው ጀርባውን ያዞረበትን። እናንተም ከዚህ ጀምሩ። ፕሮግራሙ ላይ 15 ደቂቃ ነበር የተጻፈው። በተግባር ብዙውን ቀን ከአራት ደቂቃ አይበልጥም ነበር። ምክንያቱ የሰው ስንፍና አይደለም። ከደሴ የሚወርደው ሰርቪስ ገቢውን አውርዶ ያንኑ ሰዓት ወጪውን ጭኖ ይመለሳል። ክረምት ላይ ደግሞ ደሴ በጉም ሲሸፈን ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ሹፌሩ በዝግታ ነው የሚወርደው። አውቶቡሱ አስር ደቂቃ ከዘገየ ርክክቡ ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ የርክክብ ደቂቃ የሚቆጠረው ከበር ፊርማ አይደለም። የመጨረሻው ተረካቢ ልብሱን ቀይሮ ቦታው ከደረሰበት እስከ አስረካቢው መውጫ ድረስ ነው።

ቀጥሎ ያደረግነው ርክክቡ በእርግጥ የሚፈልገውን መደመር ነው። የአንድ ክፍል አለቃን ልውሰድላችሁ። 24 ማሽን አለው። ሁሉን ዞሮ ለማየት ስድስት ደቂቃ። ደህና ስለሚሠራ ማሽን ወሬ አያስፈልግም። ወሬ የሚያስፈልጋቸው ሦስት ዓይነቶች ናቸው፦ የተለወጠ፣ ተጀምሮ ያላለቀ፣ መከላከያው ወይም መቆጣጠሪያው ለጊዜው የተነሳ። እንዲህ ያለ ነገር በአማካይ አራት ይገኝ ነበር። አንዱ ከነጥያቄውና ከነመልሶ ማለቱ ደቂቃ ተኩል ይወስዳል፤ ስድስት ደቂቃ። የቀሩ ሠራተኞችና የቀረው ጥሬ ዕቃ ሁለት ደቂቃ። በድምሩ 14።

ታዲያ 14 ጻፍን? አልጻፍንም። 14 የመካከለኛ ቀን ነው። ርክክብ የሚጠፋው ደግሞ በክፉ ቀን ነው፤ መብራት ጠፍቶ በተመለሰበት፣ ሁለት ማሽን በተፈታበት ሌሊት። እንዲህ ባለ ቀን ስምንት ጉዳይ ይመጣል። ስድስት፣ አሥራ ሁለትና ሁለት ደምሩት፣ 20 ነው። ለአለቃና ለመካኒክ 20 ያዝን። ቀኑ ሰላም ከሆነ በ12ኛው ደቂቃ ይሰነባበታሉ፣ ማንም አይከለክላቸውም።

ማሽን ላይ ያለ ኦፕሬተር ግን 20 አያስፈልገውም። እሱ የሚያስረክበው ከፊቱ ያለውን ነው፤ የትኛው እንዝርት ክር ይበጥሳል፣ መቼ ቦቢን ይነሳል። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ከራሱ ተረካቢ ጋር ስለሚነጋገር አምስት ደቂቃ በቂ ሆነ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ለሁሉም እኩል ይሰጣሉ። 60 ኦፕሬተር ላለው ፈረቃ ለሁሉም 15 ደቂቃ ብትሰጡ በአንድ ርክክብ 15 የሥራ ሰዓት ነው። ለ60ዎቹ አምስት፣ ለአንድ አለቃና ለሁለት መካኒክ 20 ብትሰጡ ስድስት ሰዓት ነው። ወጪው ከግማሽ በታች ወርዶ ወሬው ግን በሚጠፋበት ቦታ ላይ ጊዜው ጨመረ። ሥራ አስኪያጁን ያሳመንነው በዚህ ሒሳብ ነው።

አብዝቶ መስጠትም ችግር አለው። አንድ ሰሞን 30 ደቂቃ ሞክረን ነበር። ሁለት አለቃ በአንድ ወለል ላይ ሲቆም ማሽን ቢቆም ማን ይሩጥ? አንዱ አንዱን ያያል። ከ20ኛው ደቂቃ በኋላ የሚወራው ስለ ቤት ኪራይ ነበር። ስለዚህ ደቂቃው ስንትም ቢሆን ኃላፊነት የሚያልፍባት ቅጽበት ትለይ። እኛ ተረካቢው «ተረክቤያለሁ» ብሎ እስኪፈርም ድረስ ወለሉ የአስረካቢው ነው አልን።

አንድ ሌላ ነገር ደቂቃውን ይበላል፦ መዝገብ። አስረካቢው ተረካቢው ፊት ቆሞ መጻፍ ከጀመረ ከ20ው ስምንቱ አለቀ። መዝገቡ ፈረቃው ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ተጽፎ ይለቅ። የመገናኛው ጊዜ የተጻፈውን ለማንበብ፣ ለመጠየቅ፣ ሄዶ ለማየት ነው። በወረቀት ብቻም አትመኩ። በ1988 እ.ኤ.አ. ሰሜን ባሕር ላይ ፓይፐር አልፋ የተባለ የነዳጅና የጋዝ ማውጫ ጣቢያ ተቃጥሎ 167 ሰው ሞቷል። የአንድ ፓምፕ የደኅንነት ቫልቭ ለጥገና ተነስቶ ነበር። ይህ ወሬ በፈረቃ ለውጥ ላይ ለሌሊቱ ቡድን አልደረሰም፣ ፓምፑን አስነሱት። እኔ «ተጀምሮ ያላለቀ» የሚለውን ሁልጊዜ በቅድሚያ አስነግር የነበረው ለዚህ ነው። ጊዜ ቢያጥር እንኳ የሚቀረው ሌላው ይሁን።

የኛ አገር ሌላ ልማድም አለ። ለዒድ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ፈረቃ ይሸፍናል፣ ለገናና ለፋሲካ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን። ደስ የሚል ነው፣ እንዳይቀር። ግን ከበዓል የተመለሰ ሰው ያመለጠው አንድ ፈረቃ አይደለም። አስረካቢው የሚያወራለት የራሱን ስምንት ሰዓት ብቻ ነው። ከትናንት ወዲያ የተለወጠውን ማንም አይነግረውም። እንዲህ ያለ ተረካቢ ሲገባ አስር ደቂቃ ጨምሩ፣ ያለፉትንም ፈረቃዎች መዝገብ አብራችሁ አንብቡ።

የወሰናችሁት ደቂቃ መብቃቱን በምን ታውቃላችሁ? የፈረቃውን የመጀመሪያ ሰዓት ተመልከቱ። ተረካቢው ወደ ወጣው ሰው ስልክ ደወለ? ማሽን ከፍቶ «ይሄ ምን ነካው?» አለ? ሌሊት የተሠራውን ድጋሚ ሠራ? እነዚህን ለአንድ ወር ቁጠሩ። እኛ ስንጀምር ስልኩ በየቀኑ ነበር። 20 ደቂቃው ሲያዝና ሰርቪሱም 25 ደቂቃ ጠብቆ እንዲወጣ ሲደረግ በሳምንት አንዴ ሆነ። ስልኩ ካልቀነሰ ደቂቃ ለመጨመር አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ሰዓት ይዛችሁ ቁሙና ደቂቃዋ የት እንደምትሄድ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ወይ አውቶቡሱ ነው፣ ወይ መዝገቡ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ልኬታውን ድገሙት። በጥር የለካችሁት ደቂቃ ለጉሙ ወራት አይሠራም።