«ይላኩልኝ» ሌላ፣ «ሴንድ ሚ» ሌላ

ሰላም ጋሼ፣ ደብረ ሲና ነው የምኖረው፣ በቴክስታይል ተመርቄ ደብረ ብርሃን አንድ ልብስ ፋብሪካ ለኳሊቲ ኮንትሮል ኢንተርቪው ገብቼ ነበር፣ ኤችአሯ ፈረንጅ ናት። ውጤቱን ልጠይቃት ኢሜይል ጽፌ ለጓደኞቼ ሳሳያቸው አንዷ «ይሄማ ትዕዛዝ ነው» አለችኝ፣ ሌላዋ «ኧረ ልመና ነው» አለችኝ። ድራፍቱን ልኬልዎታለሁ፣ የቷን ልስማ?

እህቴ ሁለቱም ልክ ናቸው። ከላይ ልመና ነው፣ መሀሉ ትዕዛዝ፣ መጨረሻው ደግሞ ተመልሶ ልመና። መጀመሪያ በአማርኛ ጽፈሽ ከዛ ቃል በቃል እንደገለበጥሽው ያስታውቃል።

መሀሉን እንይ። «ሴንድ ሚ ማይ ኢንተርቪው ሪዛልት» ብለሻል። በአማርኛሽ «ውጤቴን ይላኩልኝ» ነው ያልሽው አይደል፣ እሱ ምንም ነውር የለውም፣ ምክንያቱም አክብሮቱ ግሱ ውስጥ ነው ያለው፣ «ላኪልኝ» ሳይሆን «ይላኩልኝ» ስትይ አንቱታው እዛው ተነገረ፣ ጫፉ ላይ ያለችው «ልኝ» ደግሞ እንደ ውለታ ቁጠሩልኝ የምትል ናት። ሴንድ ውስጥ ግን ይሄ ሁሉ የለም፣ ለአለቃም ለታናሽ ወንድምም ያው ሴንድ ነው፣ አንተና አንቱም እዛ ቤት አንድ ዩ ናቸው። ስለዚህ ስትገለብጪው ትህትናው ወድቆ ትዕዛዙ ብቻ ይቀራል። ፕሊስ ብትጨምሪበትም ትዕዛዝነቱ አይጠፋም፣ ፕሊስ ያለው ትዕዛዝ ነው የሚሆነው። እንግሊዝኛ ትህትናውን የሚያስቀምጠው ጥያቄ ላይ ነው፣ ኩድ ዩ ወይ ዉድ ዩ ብለሽ ትጀምሪና እሷ እምቢ የማለት ቦታ እንዲኖራት ታደርጊያለሽ። «አይ አም ዌይቲንግ ፎር ዩር ፋስት ሪስፖንስ» ያልሽውም እንደዛው ነው፣ «ፈጣን ምላሽዎን እጠባበቃለሁ» እኛ ጋ ደብዳቤ መዝጊያ ነው፣ ለሷ ግን በሩ ላይ ቆመሽ የምታንኳኪ ይመስላታል።

እኔም በዚህ ተቀጥቻለሁ። ድሮ አንድ ፕሮጀክት ላይ ስሠራ ፈረንጁን አለቃዬን መንዝ ድረስ ወጥቶ ሥራውን እንዲያይ ፈልጌ «ማክሰኞ ቢመጡ ይሻላል» የምትለዋን ለስላሳ ነገር «ዩ ሃድ ቤተር ካም ኦን ቱዝደይ» ብዬ ጻፍኩለት። ለካ ሃድ ቤተር «ባትመጣ ግን ወዮልህ» ዓይነት ነገር አላት! ሰውዬው ምን ችግር ተፈጠረ ብሎ ደንግጦ ደወለልኝ።

አሁን ወደ ልመናው። «ክብርት ሆይ»፣ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው»፣ «በታላቅ ትህትና»፣ «ለሚያደርጉልኝ ቀና ትብብር ከወዲሁ»፣ እነዚህን ወረዳ ማመልከቻ ስታስገቢ የግድ ትጽፊያቸዋለሽ፣ ተቀባዩ ግን አያነባቸውም፣ ዓይኑ ዘሏቸው ጉዳዩ ላይ ነው የሚያርፈው። ስትተረጉሚያቸው ግን ፈረንጇ እያንዳንዷን ቃል ትርጉም አላት ብላ ታነባለች። «ዊዝ ግሬት ሀምብልነስ» ስትይ ለምንድነው ይቺ ልጅ እንዲህ የምትዋረደው ትላለች። እነሱን አትተርጉሚያቸው፣ ጣያቸው፣ ቦታቸው ላይ ፋክት አስገቢ፣ የትኛው የሥራ መደብ፣ በየትኛው ቀን። (ቀኑን በፈረንጅ አድርጊው፣ «ግንቦት 4» ያልሽው ለሷ ሜይ 12 ነው።)

እኔ ብሆን እንዲህ ብቻ ነበር የምልክላት፦

«ዲር ኤችአር ቲም፣ ታንክ ዩ ፎር ሚቲንግ ሚ ኦን ሜይ 12 ፎር ዘ ኳሊቲ ኮንትሮል ፖዚሽን። ኩድ ዩ ፕሊስ ሌት ሚ ኖው ዌን ዩ ኤክስፔክት ቱ ሜክ ኤ ዲሲዥን? ኢፍ ዩ ኒድ ኤኒ አዘር ዶክዩመንትስ፣ አይ ካን ሴንድ ዘም ራይት አወይ። ቤስት ሪጋርድስ» ከዛ ስምሽና ስልክሽ፣ በቃ።

አየሽ፣ ምስጋናው ለሆነ ነገር ነው፣ ገና ላልተደረገ ትብብር አይደለም። ጥያቄውም ውጤቱን አምጪ አይልም፣ መቼ ትወስናላችሁ ነው የሚለው፣ ለዛ ደግሞ ባትወስን እንኳን መልስ መስጠት ትችላለች።

ለስላሳ ይሁን ብለሽ ደግሞ ሁሉንም አታለሳልሺው። «አይ ወዝ ጀስት ወንደሪንግ ኢፍ ዩ ማይት ፖሲብሊ» እያልሽ ከደረደርሽ እሱም ሌላ የቃል አበባ ነው፣ አንድ ኩድ ትበቃለች። ስለራስሽ የምትይው ደግሞ ቀጥ ይበል፣ «አይ ካን ስታርት ኦን ጁን 1» ስትይ «አይ ቲንክ ሜይቢ» አትጨምሪበት፣ እርግጠኛ አይደለችም ብለው ሊተዉሽ ይችላሉ።

ከመላክሽ በፊት ግሶቹን ብቻ እየነጠልሽ አንብቢያቸው፣ ዓረፍተ ነገሩ በሴንድ፣ በጊቭ፣ በቴል የሚጀምር ከሆነ ወደ ጥያቄ ቀይሪው። ከዛ ደግሞ እያንዳንዱን ሐረግ በጣትሽ ሸፍኚና እሱ ባይኖር ምን ይጎድላታል በይ፣ ምንም ካልጎደለባት አጥፊው። ድራፍትሽ ላይ ስሞክረው አሥራ አንድ መስመሩ አራት ሆነ።

አንድ ሳምንት ጠብቂ፣ ዝም ካለች እዛው ኢሜይል ላይ ሪፕላይ አድርጊና በአንድ መስመር ጠይቂያት። እሷም ስትመልስ «ኢት ዉድ ቢ ግሬት ኢፍ ዩ ኩድ ሴንድ ዩር ትራንስክሪፕት» ካለችሽ ቢመችሽ ማለቷ እንዳይመስልሽ፣ ላኪ ማለቷ ነው፣ በዚያው ቀን ላኪላት።