የፍጥነት መለኪያው ሙሉ ሆኖ የውጭ ድረ ገጽ ሲንቀራፈፍ

ጥያቄ፦ «የአገር ውስጥ ድረ ገጾች ወዲያው ይከፈታሉ፤ የውጭዎቹ ግን ከአራት ቀን ወዲህ አልንቀሳቀስ ብለዋል። የፍጥነት መለኪያው ሙሉ ያሳያል። ወደ ትልቁ ጥቅል ልቀይር?»

ወንድሜ፣ እንዳትቀይር! እኔ ቀይሬ የዓመት ክፍያ አስቀድሜ ከፍዬ፣ አንዲት ገጽ እንኳን አልፈጠነችልኝም፤ ችግሩ ከውጭ የሚያገናኘን የባሕር ሥር ገመድ መቆረጡ ነበር።

1. መለኪያውን አትመን። በራሱ የሚመርጠው አቅራቢያህ ያለውን ሰርቨር ስለሆነ ባሕሩን ጨርሶ አይሻገርም። አቤት ልል የሄድኩበት ቢሮ ሠራተኛ በስልኩ ለክቶ «ይኸው ሙሉ ነው፤ ኮምፒውተርህን አሳይ» አለኝና ቀጣዩን ደንበኛ ጠራ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቤቴ ገብቼ ሌላ አህጉር ያለ ሰርቨር ራሴ መርጬ ስለካ፣ ከ100 ሜጋ ቢት ወደ 4 ወረደ።

2. ርቀትን ከመጨናነቅ ለይ። ገመድ ሲቆረጥ ትራፊኩ በሌላ ባሕር ይዞራል፤ የተረፉት ገመዶችም ከአቅማቸው በላይ ይሸከማሉ። mtr በሚባለው የመስመር መለኪያ ፕሮግራም የቀርፋፋውን ድረ ገጽ አድራሻ አስገብተህ በምሽትና በንጋት ለካ፦

```
mtr -rwc 100 example.com
```

ታላላቆቹን የቪዲዮ ድረ ገጾች አትምረጥ፤ ቅጂያቸው ብዙ ጊዜ አገር ውስጥ ስለሚቀመጥ ያሳስቱሃል። የእኔ ደርሶ መልስ በደህናው ጊዜ 150 ሚሊ ሰከንድ ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት 340 ሆነ፤ ከመቶ የዳታ እሽግ 9 ይጠፋ ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ግን 260 ላይ ቆመ፤ የሚጠፋ እሽግም አልነበረም። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር በደርሶ መልስ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ንጋት ላይ የቀረው 110 እንግዲህ የ11,000 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያ ጥምጥም ነው። ምሽት የሚጨመረው 80 እና የሚጠፋው እሽግ የመጨናነቅ ነው። ሁለቱንም ትልቅ ጥቅል አያስተካክላቸውም።

የመጀመሪያ አቤቱታዬን ያበላሸሁት እኔው ነበርኩ፤ መሐል መንገድ ላይ ያለ አንድ ራውተር 60 በመቶ ጠፋ ሲል እሱን ወንጅዬ ላክሁ። የመሐል ራውተሮች ለመለኪያ እሽግ መልስ መስጠት ይቀንሳሉ። ጥፋቱ እውነተኛ የሚሆነው እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ሲዘልቅ ነው። በሁለተኛው ደብዳቤ የምሽቱንና የንጋቱን ውጤት ጎን ለጎን አድርጌ ለቴክኒክ ክፍሉ በቀጥታ ስልክላቸው፣ ማንም ኮምፒውተሬን አልወቀሰም።

እስኪጠገን የረዳኝ ቪፒኤን ነው፤ የመጀመሪያው ሰርቨር ግን በዚያው በታመመው መንገድ ስለሚያልፍ ምንም አልፈየደም። በተቃራኒ አቅጣጫ ያለ አገር ስመርጥ ምሽት ላይ 190 ሆነ፤ የሚጠፋውም ከመቶ ወደ 1 ወረደ። ስለዚህ የወር እንጂ የዓመት አትክፈል፤ ሰርቨር እየቀያየርክ ምሽት ላይ ሞክር። ጥገናው የመርከብና የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ቀይ ባሕር ላይ ከተጎዱት ገመዶች አንዱ የሆነው ኤኤኢ-1 ለመጠገን ወራት ወስዷል።