ጥያቄና መልስ፦ የትራንዚስተር ቻነል ሲያጥር ምን ይበላሻል? ፊንስ ለምን መጣ?

ሊያ፦ ጋሼ ዮናስ፣ ጌቱ ተዘግቶ ሳለ ከረንት ለምን ያልፋል?

ዮናስ፦ ኤሌክትሮኖች ከሶርስ ወደ ድሬይን የሚሄዱት በቻነሉ ነው፤ የሚከፍተውና የሚዘጋው ጌቱ ነው። ቻነሉ ረጅም ሲሆን ሶርሱ ጋ ኤሌክትሮኖችን የሚያግደውን የኃይል ግድብ የሚያዘው ጌቱ ብቻ ነው። ሲያጥር ግን የድሬይኑ ቮልቴጅም ያንኑ ግድብ ይጎትተዋል፤ ዲብል የምንለው ይኼው ነው። በቁጥር እንየው። የጌቱን ቮልቴጅ እያሳደግሽ ከረንቱን ሁለት ጊዜ ለኪ፤ አንዴ ድሬይኑን 0.05 ቮልት፣ አንዴ 1 ቮልት ላይ አድርገሽ። የመክፈቻ ቮልቴጁ ከ0.40 ወደ 0.28 ወረደ እንበል። ትራንዚስተሩ ከረንቱን በ10 እጥፍ ለመቀነስ 100 ሚሊቮልት የሚፈልግ ከሆነ፣ የ120 ሚሊቮልቱ መውረድ ሊኬጁን፣ ማለትም ተዘግቶ ሳለ የሚያልፈውን ከረንት፣ 16 እጥፍ ያህል አሳደገው ማለት ነው። ሁሌም የምለው ነው፦ በሁለቱም የድሬይን ቮልቴጅ ሳትለኩ ስለ ሊኬጅ አትከራከሩ።

ሀብታሙ፦ በጌቱና በቻነሉ መካከል ያለውን ኦክሳይድ ማሳሳት ነዋ! ጌቱ ይቀርባል።

ዮናስ፦ ግማሹ ልክ ነው፤ ለዓመታት የተሄደውም በዚያው ነው። ግን 1.2 ናኖሜትር አካባቢ ሲደረስ ኤሌክትሮኑ ኦክሳይዱን ራሱን ሰርጎ ማለፍ ጀመረ። ሀፍኒየም ያለበት ኦክሳይድ ያንን አቃለለ፤ ዋናው ችግር ግን አልተነካም። ሊኬጁ የሚሾልከው ከላይኛው ገጽ ጠለቅ ብሎ፣ የጌቱ ጉልበት በሚደክምበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከጌቱ የራቀ ሲሊከን ጭራሽ እንዳይኖር ማድረግ አስፈለገ። ፊን ማለት ቻነሉን እንደ ስስ ግድግዳ አቁሞ ጌቱን በሦስት ጎን ማልበስ ነው። ኢንቴል በ22 ናኖሜትር ሲያመጣው የፊኑ ስፋት 8 ናኖሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 34 ነበር። መሃሉ እንኳ ከጌቱ 4 ናኖሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ፊኑ ከሰፋ ግን ጥቅሙ ይጠፋል፤ ይኼን አትርሱ።

ተስፋዬ፦ ፊን የመጣው የኤሌክትሮኑን ፍጥነት ስለሚጨምር አይደል?

ዮናስ፦ አይደለም። ሲሊከን ውስጥ ኤሌክትሮን በሴኮንድ 10⁷ ሴንቲሜትር አካባቢ ሲደርስ መስኩ ቢበረታም ፍጥነቱ አይጨምርም፤ የሚያገኘውን ኃይል ለክሪስታሉ ንዝረት ይሰጣል። ፊኑም ያው ሲሊከን ነው። ምልክቱ ከረንቱን ከድሬይን ቮልቴጅ ጋር በሚያሳየው ከርቭ ላይ ይታያል፦ የጌቱን ቮልቴጅ በእኩል እርምጃ ስትጨምር ረጅም ቻነል ላይ የመስመሮቹ ክፍተት እየሰፋ ይሄዳል፣ አጭሩ ላይ ግን ወደ እኩልነት ይጠጋል።

አቤል፦ የእኔ IRF540 ትራንዚስተር በጣም ይግላል፤ ቻነሉ አጥሮ ይሆን?

ዮናስ፦ አይደለም። ጌቱ ላይ ስንት ቮልት ሰጠኸው? 5 ከሆነ አይበቃውም።

ሀብታሙ፦ ሲሊከኑ ስስ ሆኖ ኦክሳይድ ላይ ቢነጠፍም እኮ ያው ነው። ማቆሙ ለምን አስፈለገ?

ሊያ፦ ቆሞ በጠባብ ቦታ ብዙ ከረንት ያሳልፋላ።

ሀብታሙ፦ የትራንዚስተሩን ስፋት ግን እንደልብሽ አትመርጪም፤ የሚጨመረው በሙሉ ፊን ነው። ለአናሎግ ሰው ጭንቅ ነው።

ዮናስ፦ ይኼ ክርክር እንደ ሥራው ዓይነት ነው፤ እኔ አልፈርድም።

ተስፋዬ፦ ታዲያ ፊን ያላቸው ቺፖች ለምን ፈጠኑ?

ዮናስ፦ ከላይ ያልኩትን አንብበው እንጂ ወንድሜ! የቺፑ ፍጥነትና የኤሌክትሮኑ ፍጥነት ለየቅል ናቸው። ሊኬጁ ስለተያዘ የመክፈቻ ቮልቴጁን ዝቅ ማድረግ ተቻለ፤ በዚያው የኃይል ቮልቴጅ የሚገኘው ከረንት ስለጨመረ ቀጥሎ ያለው ትራንዚስተር ጌት፣ እንደ ካፓሲተር ስለሆነ፣ ቶሎ ይሞላል።