መስመሩን እስከ ዜሮ አድርሺው

«የባዮኬሚስትሪ የቤት ሥራዬ ላይ 1/v በ1/[S] ሥዕሉን ሠራሁ። ኢንሂቢተር ያለበትና የሌለበት መስመር ግራ ጫፍ ላይ ይቀራረባሉ እንጂ አይገናኙም። ነንኮምፒቲቲቭ ልበለው? ነገ ነው የማስረክበው፤ እባካችሁ።»

እህቴ፣ እንደዚያ ብለሽ አታስረክቢ። መጀመሪያ የሥዕልሽ ግራ ጫፍ ከየትኛው ቁጥር እንደሚጀምር ተመልከቺ። እኔ ትክክለኛ መልስ ጽፌ ነጥብ የተቀነሰብኝ በዚያው ጫፍ ምክንያት ስለሆነ ነገሩን በደንብ አውቀዋለሁ።

1. መስመሮቹን 1/[S] ዜሮ እስከሚሆንበት ድረስ ወደ ግራ አስረዝሚያቸው። ዜሮ ማለት ሰብስትሬቱ ወሰን የለሽ የሆነበት ቦታ ነው፤ ማንም ላቦራቶሪ ውስጥ ሊለካው አይችልም። ስለዚህ ነጥቦችሽ ሁልጊዜ ከዜሮ በፊት ያልቃሉ። የእኛ ሰብስትሬት 1፣ 2፣ 4 እና 8 ሚሊሞላር ነበር። ያለ ኢንሂቢተር ፍጥነቱ 3.33፣ 5.00፣ 6.67 እና 8.00 ማይክሮሞል በደቂቃ ወጣ፤ ከኢንሂቢተር ጋር ደግሞ 2.00፣ 3.33፣ 5.00 እና 6.67። የመጨረሻው ነጥብ፣ ማለትም 8 ሚሊሞላር፣ 1/[S] 0.125 ላይ ይውላል። እዚያ 1/v በአንደኛው መስመር 0.125፣ በሌላው 0.150 ነው። በመካከላቸው በዓይን የሚታይ ክፍተት አለ። የተሰጠን ቅጽ ደግሞ ቋሚውን ዘንግ 0.1 ላይ ስለተከለው፣ መስመሮቹ ዘንጉን በተለያየ ቦታ የቆረጡ ይመስሉ ነበር። ያ ግን እውነተኛው የy ዘንግ አይደለም።

2. ከዓይንሽ ይልቅ ቁጥሩን እመኚ። 1/[S]ን በA ዓምድ፣ 1/vን በB ዓምድ አስገቢና ለእያንዳንዱ መስመር ለየብቻ ይህን ጻፊ፦

```
=SLOPE(B2:B5,A2:A5)
=INTERCEPT(B2:B5,A2:A5)
```

ያለ ኢንሂቢተር ተዳፋቱ 0.2፣ የy መቁረጫው 0.1 መጣልኝ፤ ከኢንሂቢተር ጋር 0.4 እና 0.1። መቁረጫው 1/Vmax ስለሆነ Vmax፣ ማለትም ከፍተኛው ፍጥነት፣ በሁለቱም 10 ነው። ተዳፋቱን ለመቁረጫው ስታካፍዪ Km፣ ማለትም ፍጥነቱ የVmax ግማሽ የሚሆንበትን የሰብስትሬት መጠን፣ ታገኛለሽ፦ ከ2 ወደ 4 አድጓል። Vmax ሳይነካ Km ብቻ ካደገ ኮምፒቲቲቭ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ነንኮምፒቲቲቭ ቢሆን ኖሮ ተዳፋቱም መቁረጫውም በእኩል ያድጉ ነበር፦ 0.4 እና 0.2። Km እንዳለ ይቆያል፤ መስመሮቹም የሚገናኙት ከዜሮ በስተግራ፣ x ዘንግ ላይ ነው።

አራሚው ግን በቀይ «ዘንጉ ላይ አልተገናኙም፣ ነንኮምፒቲቲቭ» ብሎ ጻፈብኝ። ቢሮው ሄጄ ቁጥሮቹን ላሳየው ስል ወረቀቴን ሳይገልጥ «አንዴ የተሰጠ ውጤት አይነካም» አለኝና በሩን ዘጋ። በጣም ተናደድሁ። ያን ማታ ሁለቱን መስመሮች እስከ ዜሮ አስረዝሜ፣ ስሌቱን ከሥር ጽፌ በማግስቱ ለዋናዋ መምህርት ሰጠኋት። አንድ ጊዜ አይታ ነጥቤን መለሰች፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜም ሥዕሌን ሰሌዳ ላይ ሠርታ አስረዳችበት። እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ።

3. የመጀመሪያውን ነጥብ ተጠራጠሪ። ዝቅተኛ ሰብስትሬት ላይ ፍጥነቱ ትንሽ ስለሆነ ሲገለበጥ ስሕተቱም አብሮ ይገዝፋል፤ ነጥቡ በቀኝ ጫፍ ብቻውን ስለሚቆምም መስመሩን ሁሉ ይጎትታል። የእኔ 2.00 በ1.80 ቢለካ ኖሮ መቁረጫው ከ0.100 ወደ 0.083 ይወርድ፣ Vmax 12 ይሆን ነበር። ኢንሂቢተር ኢንዛይሙን አፈጠነው ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ከሦስቱ ዓይነቶች፣ ከኮምፒቲቲቭ፣ ከነንኮምፒቲቲቭና ከአንኮምፒቲቲቭ፣ በአንዱም አይሆንም። መስመሮችሽ ከዘንጉ ጥቂት በስተቀኝ ከተሻገሩ የመለኪያ ስሕተት ያለበት ኮምፒቲቲቭ መሆኑን መጀመሪያ ጠርጥሪ። የቡድኔ አባል የነበረ ልጅ እንዲህ ያለ ሥዕል ይዞ «አዲስ ዓይነት አገኘሁ» ብሎ ሲከራከረኝ አመሸ፤ ነጥቡን ደግመን ስንለካው ነገሩ ጠፋ።

አንኮምፒቲቲቭን በተመለከተ፣ ተዳፋቱ 0.2 እንዳለ ሆኖ መቁረጫው ብቻ 0.2 ይሆናል፤ መስመሮቹ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ብዙ ተማሪ Km መለወጡን ብቻ አይቶ ኮምፒቲቲቭ ይላል። አቅጣጫውን እዪ፦ እዚህ Km ከ2 ወደ 1 ይወርዳል እንጂ አይጨምርም። ኢንሂቢተሩ የሚይዘው ሰብስትሬት የያዘውን ኢንዛይም ብቻ ነው፤ ያንን ከመንገድ ሲያወጣው ነጻው ኢንዛይም ተጨማሪ ሰብስትሬት ወደመያዝ ያደላል።

ተዳፋቱም መቁረጫውም አድገው እድገታቸው እኩል ካልሆነ፣ ለምሳሌ ተዳፋቱ በሁለት፣ መቁረጫው በአንድ ተኩል ከተባዛ፣ ድብልቅ የሚባለው ነው፤ መምህርሽ ካስተማረሽ በስሙ ጻፊው። አሁን የአንቺን ሁለት ተዳፋትና ሁለት መቁረጫ እዚህ አስቀምጪልኝ፤ ዛሬ ማታ አየዋለሁ።