ለመጋቢት ስንት ጀሪካን ዘይት ላምጣ?

የ2018 የካቲት ሲያልቅ ሐዋሳ ውስጥ ሱቅ ያላቸው ሰዎች የጠየቁኝ ነው። እኔ የምሠራው በጅምላ መጋዘን፣ የግዢ ክፍል ነው።

ባለሱቅ፣ አቶቴ፦ *ባለ 5 ሊትር ዘይት እሸጣለሁ። ከመስከረም ጀምሮ የሸጥኩት 93፣ 96፣ 99፣ 105፣ 84፣ 111 ነው። ለመጋቢት ስንት ልዘዝ?*

የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ደምሪና ለሦስት አካፍዪ። ወሩ ሲያልፍ አሮጌውን ወር ጥለሽ አዲሱን ታስገቢያለሽ። ተንቀሳቃሽ አማካይ የሚባለው ይኸው ነው።

| ወር | የተሸጠ | ትንበያ | ልዩነት |
|---|---|---|---|
| መስከረም | 93 | | |
| ጥቅምት | 96 | | |
| ኅዳር | 99 | | |
| ታኅሣሥ | 105 | 96 | +9 |
| ጥር | 84 | 100 | −16 |
| የካቲት | 111 | 96 | +15 |
| መጋቢት | ? | 100 | |

ሠንጠረዡ 100 ይላል። እኔ ግን ገና አላዝዝም። ጥር ላይ ምን ሆኖ ነው 84 የወረደው?

ያችው ባለሱቅ፦ *ዘይት ጠፍቶ 6 ቀን ባዶ መደርደሪያ ይዤ ተቀምጫለሁ።*

እንግዲያው 84 የሸጥሽው ነው እንጂ የተፈለገው አይደለም። በ24 ቀን 84 ማለት በቀን 3.5 ነው። የእኛ ወር ከጳጉሜ በቀር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ይቀላል፤ 3.5 በ30 ሲባዛ 105 ይመጣል። ጥርን በ105 ተኪው። የመጋቢት ትንበያ ከ100 ወደ 107 ይወጣል። ሳታስተካክዪ ብታዢ ኖሮ የጥር ወር እጥረት መጋቢት ላይም ሌላ እጥረት ይወልድ ነበር። ከአሁን በኋላ ዕቃ ያለቀበትን ቀን ደብተርሽ ላይ ምልክት አድርጊበት።

የሸቀጥ ነጋዴ፣ ፒያሳ፦ *ሦስት ወር ያንሳል። እኔ የስድስት ወር ነው የምይዘው፣ ቁጥሩ አይዘልም።*

አለመዝለሉ እውነት ነው ጋሼ። ሽያጩ ከፍና ዝቅ እያለ በአንድ ደረጃ ለሚቆይ ዕቃ የእርስዎ ይሻላል። የእሷ ግን እየጨመረ ነው። ጥርን አስተካክለን የስድስቱን ወር አማካይ ብንወስድ 101.5 ነው፤ ከመስከረም ወዲህ ያሉት ትናንሽ ቁጥሮች ወደ ኋላ ይጎትቱታል።

የልዩነቱን ዓምድ ይመልከቱ። ጥር ከታረመ በኋላ +9፣ +5፣ +8 ይሆናል። ሦስቱም ፕላስ ናቸው። ትንበያው ጤነኛ ቢሆን አንዴ ይበልጥ፣ አንዴ ያንስ ነበር። ሁሌ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ አማካዩ ከገበያው ኋላ ቀርቷል። የልዩነቶቹ አማካይ 7 ገደማ ስለሆነ 107 ላይ ስንጨምረው 114 እናገኛለን።

የሒሳብ ሠራተኛ፦ *ኤክሴል ላይ ሠርቼው ልዩነቱ በጣም ትንሽ ሆነ። ጥሩ ነው አይደል?*

ቀመሩን እይው። መስከረም B2 ላይ ከሆነ የታኅሣሥ ትንበያ እንዲህ ነው፦

```
=AVERAGE(B2:B4)
```

አንተ B3:B5 አድርገህ ከሆነ የታኅሣሥን ሽያጭ ራሱን አስገብተሃል። ወሩ ሳይጀመር ያንን ቁጥር ማንም አያውቀውም። ልዩነቱ ያነሰው በዚህ ነው።

የእንቁላል ነጋዴ፦ *እኔስ? ጾም ሲገባ ሽያጬ ገደል ነው የሚገባው።*

ለእንቁላል ይህን ዘዴ በጾም መግቢያና መውጫ ላይ አትመኚው። አማካዩ የሚያውቀው ያለፉትን ወራት ብቻ ነው። የዓምናውን ተመሳሳይ ወር ማየትም ያሳስታል፤ ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12 ነበር። ዘንድሮ ሚያዝያ 4 ነው። ስለዚህ የዓምናውን በወር ሳይሆን በጾሙ ሳምንት አስተያዪው፦ ሦስተኛውን ሳምንት ከሦስተኛው፣ የፋሲካን ሳምንት ከፋሲካ ሳምንት ጋር።

የፒያሳው ነጋዴ፦ *ታዲያ የዘይቱም ጭማሪ የጾም ቢሆንስ?*

ይህ ነው ዋናው ጥያቄ። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 9 ነው። የአቶቴዋ ባለሱቅ የቀን ሽያጯን ስታሳየኝ ከጾሙ በፊት በነበሩት 8 ቀናት 28 ጀሪካን፣ በቀሩት 22 ቀናት 83 ሸጣለች። የመጀመሪያው በቀን 3.5 ነው፣ ልክ እንደ ጥር። ሁለተኛው 3.8 ይጠጋል። ይህ ወደ እርስዎ ሐሳብ ያደላል። መስከረምና ኅዳር መካከል ያለው ጭማሪ ግን በዚህ ጾም አይገለጽም።

ለመጋቢት ልዩነት የለውም፤ ወሩ በሙሉ ጾም ስለሆነ በቀኑ ሒሳብም 113 ነው የሚመጣው፣ 114 ትዘዝ። ሚያዝያ ላይ ነው መንገዱ የሚለያየው፤ ጭማሪው የጾሙ ከሆነ ከፋሲካ በኋላ ይወርዳል፣ ካልሆነ ይቀጥላል። ስለዚህ የሚያዝያን ትእዛዝ በሁለት ከፍላ፣ ሁለተኛውን የፋሲካን ማግስት ሳምንት ሽያጭ አይታ ብታዝ ይሻላታል።

ያችው ባለሱቅ፦ *አከፋፋዬ በወር አንዴ ብቻ ነው የሚያመጣልኝ።*

እሱን ጠይቂውና እንነጋገርበታለን። እምቢ ካለ ከጎረቤት ሱቅ ጋር በአንድ ጭነት ተካፍላችሁ ማዘዝ ትችሉ እንደሆነ እዪ።