ወለዱ ከመቼ ጀመረ? የተማሪ ብድር ጥያቄዎች ከጎንደር

«የእህቴ ልጅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው የተማረችው። በመጨረሻው ዓመት ከመንግሥት 7,500 ዶላር ተበደረች፤ ወለዱ በዓመት 6.53 በመቶ ነው። ግንቦት ላይ ተመረቀች፣ ስድስት ወር የእፎይታ ጊዜ ሰጧት። እኔ የስድስት ወሩን ወለድ አስልቼ 7,747 ዶላር ይሆናል አልኳት። የመጣላት ወረቀት 7,997.80 ይላል። በልተዋት ነው?»
*ነጋዴ፣ ቅዳሜ ገበያ*

አልበሏትም። ማባዛቱንና ማካፈሉን አልተሳሳቱም፤ የተሳሳቱት መነሻ ቀኑን ነው። እርስዎ ወለዱን ከምረቃ ቀን ጀመሩት። ወለዱ ግን የጀመረው ገንዘቡ ለትምህርት ቤቱ ከተለቀቀበት ቀን ነው። እፎይታ የተባለው ከመክፈል ነው እንጂ ከወለድ አይደለም። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ስትማርም ወለዱ በየቀኑ ሲቆጥር ነበር።

የላኩልኝን ወረቀት ፎቶ አየሁት። ብድሩ በሁለት ጊዜ ነው የተለቀቀው፤ እዚያ በየሴሚስተሩ መልቀቅ የተለመደ ነው። ግማሹ፣ 3,750 ዶላር፣ ኦገስት 26 ቀን 2024 ወጣ፤ በእኛ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ማለት ነው። ሌላው 3,750 ጃንዋሪ 13 ቀን 2025 ወጣ፤ ጥር 5 ቀን 2017። እፎይታው ያለቀው ኖቬምበር 10 ቀን 2025፣ ኅዳር 1 ቀን 2018 ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ማስላት ነው። የመጀመሪያው 441 ቀን ቆይቷል፣ ሁለተኛው 301 ቀን። የየአንዳንዱ ስሌት ዋናው ብድር ሲባዛ በዓመቱ ወለድ፣ ሲካፈል ለ365፣ ሲባዛ በቀኑ ብዛት ነው። ኤክሴል ካለዎት እንዲህ ይጻፉት፦

```
=3750*0.0653/365*441
=3750*0.0653/365*301
```

የመጀመሪያው 295.86 ይሰጥዎታል፣ ሁለተኛው 201.94። ሲደመሩ 497.80። በ7,500 ላይ ሲጨምሩት ወረቀቱ ላይ ያለውን 7,997.80 ያገኙታል። እርስዎ ያገኙት ወለድ 247 ዶላር ገደማ ነበር፤ ከምረቃ በፊት የተጠራቀመው ሌላ 251 ዶላር ነው ያመለጠዎት። አራት ዓመት ሙሉ የተበደረ ልጅ ቢሆን ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ከአራት ዓመት በላይ ሲወልድ ስለሚቆይ ልዩነቱ በጣም ይሰፋል። የወለዱ ምጣኔም በየዓመቱ ለሚወጣ አዲስ ብድር ይቀየራል። የአንዱን ዓመት ምጣኔ ለሁሉም አይጠቀሙ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ልጅቷ «7,500 አልደረሰኝም፣ ከ7,421 ትንሽ ያንሳል» ብትልዎት እውነቷን ነው። መንግሥት ብድሩን ሲለቅ 1.057 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይቆርጣል። ዕዳው ግን ያለ ቅናሽ 7,500 ሆኖ ይመዘገባል፤ ወለዱም የሚሰላው በሙሉው ላይ ነው። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ መንግሥት ብድር ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው የገንዘብ ችግር ላለበት ተማሪ የሚሰጥ ሲሆን፣ በትምህርትና በእፎይታ ጊዜ የሚመጣውን ወለድ መንግሥት ራሱ ይሸፍናል። የእህትዎ ልጅ ብድር ከሌላኛው ዓይነት ነው። ውሉ ላይ «Unsubsidized» የሚል ቃል ካለ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተበዳሪው ነው። «Subsidized» ቢል ኖሮ ኅዳር 1 ላይ 7,500 ብቻ ይሆን ነበር። ብዙ ተማሪ ሁለቱንም ቀላቅሎ ስለሚወስድ፣ መጀመሪያ የትኛው ስንት እንደሆነ ለዩ።

«ወንድሜም እዚያው አገር ተምሯል፤ የእሱ ከግል ባንክ ነው። ጓደኞቹ 'ወለዱ ዋናው ላይ ተደምሮብሃል' እያሉ ያስፈራሩታል። የተጠራቀመ ወለድ መቼም መከፈሉ ላይቀር፣ መደመሩ ምን ለውጥ ያመጣል?»
*ተመራቂ ተማሪ፣ ማራኪ*

ለውጥ ያመጣል፤ ግን ጓደኞቹ የሚያስፈራሩትን ያህል አይደለም።

የላይኛውን ሂሳብ እንውሰድ። 497.80 ዶላሩ ለብቻው ከተቀመጠ ከኅዳር በኋላም ወለድ የሚሰላው በ7,500 ላይ ብቻ ነው። ይህ በቀን 1.34 ዶላር ነው። ዋናው ላይ ከተደመረ ግን ዋናው ብድር 7,997.80 ይሆናል፤ የቀኑም ወለድ 1.43 ይደርሳል። ወለዱ ራሱ መውለድ ጀመረ ማለት ነው። ልዩነቱ በመጀመሪያው ዓመት ከ32 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። አንድ ጊዜ ሲሆን ይህን ያህል የሚያስጮህ አይደለም። ችግሩ ባንኩ በየሦስት ወሩ ወይም በየወሩ የሚደምር ከሆነ ነው።

በመንግሥቱ ብድር ከጁላይ 2023 ጀምሮ ደንቡ ተቀይሯል። ተበዳሪው ለመጀመሪያ ጊዜ መክፈል ሲጀምር የተጠራቀመው ወለድ ዋናው ላይ አይደመርም፤ ለብቻው ይቀመጣል። በኋላ ክፍያ ለማዘግየት ከተፈቀደለትና ያ ጊዜ ካለቀ ግን ሊደመር ይችላል። የቆዩ ጽሑፎች የድሮውን ደንብ ነው የሚያስተምሩት፤ የጓደኞቹም ወሬ ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። የግል ባንክ በዚህ ደንብ አይገዛም። የሚገዛው ውሉ ነው፤ ብዙዎቹም እፎይታው ሲያልቅ ይደምራሉ። ወንድምሽ ማድረግ ያለበት ቀላል ነው፦ እፎይታው ከማለቁ በፊት የነበረውን ወረቀትና ከዚያ በኋላ የመጣውን ጎን ለጎን ያስቀምጥ። የዋናው ብድር ቁጥር ካደገ ተደምሯል። ካላደገና የተጠራቀመ ወለድ በሌላ መስመር ካለ አልተደመረም።

ተደመረም አልተደመረም አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ክፍያ ሲገባ መጀመሪያ ወለድ ነው የሚነሳው፣ ዋናው ቀጥሎ ነው። ያልተደመረለት ሰው በወር 91 ዶላር ከከፈለ፣ 40 ያህሉ ለአዲሱ የወር ወለድ ይሄዳል። ቀሪው 51 የድሮውን 497.80 ይቀንሳል። ወደ አስር ወር ያህል ከፍሎም ዋናው 7,500 ንቅንቅ አይልም። ሰዎች «ዓመት ሙሉ ከፈልኩ፣ ብድሬ አልቀነሰም» ብለው የሚያማርሩት ይህን አይተው ነው። አጠቃላይ ዕዳው ግን እየቀነሰ ነው።

«አስተማሪ ነኝ። ለማስተርስ ከቁጠባና ብድር ማኅበር 60,000 ብር በ16 በመቶ ተበደርኩ። 18 ወር አልከፍልም፤ ከዚያ በ36 ወር እመልሳለሁ። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ 'ከአሁኑ በወር 800 ብር ወለዱን ብቻ ክፈል' ይለኛል። ደመወዜን ታውቀዋለህ። ልክፈል?»
*ከአዘዞ*

ሁለቱንም መንገድ አሰላሁልህ። ምንም ካልከፈልክ በ18 ወር 14,400 ብር ወለድ ይጠራቀማል፤ ዕዳህ 74,400 ይሆናል። ይህ ውሉ ወለዱን በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደምር ከሆነ ነው። በየወሩ የሚደምር ከሆነ 76,154 ይደርሳል። መጀመሪያ ይህን ጠይቅ፤ መልሱንም በወረቀት ተቀበል፤ በቃል የተነገረህን ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያስታውስልህ የለም።

የመጀመሪያው ነው እንበል፤ ወለዱም በቀሪው ዕዳ ላይ የሚሰላ ይሁን። 74,400 ብርን በ36 ወር ስትመልስ በወር 2,616 ብር ገደማ ይደርስብሃል። በእፎይታው ጊዜ 800 እየከፈልክ ከቆየህ ግን የምትመልሰው 60,000 ብቻ ስለሆነ በወር 2,109 ነው። ልዩነቱ በወር 506 ብር ነው፤ በ36 ወር ከ18,200 ብር ይበልጣል። አሁን የምትከፍለው 14,400 ነው። የምታተርፈው 3,825 ብር አካባቢ ነው ማለት ነው።

ጥሩ ነው፤ ግን ገንዘብ ያዡ የነገረህን ያህል ትልቅ ነገር አይደለም። በየወሩ 800 ለማውጣት ከሱቅ ዱቤ የምትገባ ወይም ከጓደኛ የምትበደር ከሆነ ተወው። ለሌላ ዕዳ ከ16 በመቶ በላይ የምትከፍል ከሆነም መጀመሪያ እሱን ዝጋ። 800 ካቃተህ ደግሞ 400 ክፈል። ግን ደረሰኙ ላይ «ለወለድ» የሚል መጻፉን አረጋግጥ። ለምሳሌ ቁጠባህ ላይ ከገባ፣ ወለዱ አልቀነሰልህም፣ አንተም ከፍዬአለሁ ብለህ ተቀምጠሃል።

«ከግንቦት 2 እስከ ኅዳር 1 ስቆጥር 179 ቀን ነው የሚመጣልኝ። የአበዳሪው ኮምፒውተር 184 ይላል። አምስት ቀን ከየት መጣ?»
*ከአራዳ*

ከጳጉሜ። ወሩን ሁሉ 30፣ 30 እያሉ ሲቆጥሩ ነሐሴን ጨርሰው ቀጥታ መስከረም ገብተዋል። ወለድ ጳጉሜ ላይ አያርፍም፤ በየአራት ዓመቱ እንዲያውም ስድስት ቀን ነው።

አልስቅብዎትም፤ እኔም ደርሶብኛል። ከአንድ አበዳሪ ጋር ቆጣሪው ፊት ቆሜ «ቀኑን አበዛችሁ» ብዬ ተከራከርኩ። ልጅቷ ምንም ሳትናገር የግድግዳውን ካላንደር ወደ እኔ አዙራ ጳጉሜን በጣቷ አሳየችኝ። ከዚያ ወዲህ በጣት አልቆጥርም። ሁለቱን ቀኖች ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሬ ኤክሴል እንዲቀንስልኝ አደርጋለሁ። የእርስዎ ይህን ይመስላል፦

```
=DATE(2025,11,10)-DATE(2025,5,10)
```

ሕዋሱ ቀን መስሎ ከታየ አይደንግጡ፣ ወደ ቁጥር ይቀይሩት፤ 184 ይላል። አምስቱ ቀን በብር ስንት እንደሆነ ካሰቡ፣ የአዘዞው አስተማሪ 60,000 ብር ላይ 131 ብር ከ51 ሳንቲም ነው።